ሦስት ፕሮፎርማ፣ አንድ ዕዳ

ለመሥሪያ ቤቱ ዕቃ እንዲገዛ የታዘዘ ሠራተኛ ገንዘብ ይዞ አይወጣም፤ መጀመሪያ ፕሮፎርማ ይሰበስባል። ከሱቅ ሱቅ እየዞረ የሚፈልገውን ዕቃ ዓይነትና ብዛት ይናገራል፤ ሻጩም ዋጋውን ጽፎ፣ ማህተሙን አሳርፎ ይሰጠዋል። ቢያንስ ከሦስት ነጋዴዎች የመጣ ወረቀት ሲሟላ ዋጋዎቹ ይወዳደራሉ። አንዱ ያሸንፋል፣ ሁለቱ በግዥው ፋይል ውስጥ ይቀራሉ። የተሸነፉት ነጋዴዎች በማግስቱ «ሂሳባችንን ክፈሉን» ብለው አይመጡም፤ ምንም እንዳልሸጡ ያውቃሉና።

ይህን ገዢውም ሻጩም ያውቃል። የማያውቀው በቅርቡ በመካከላቸው የገባው ሶፍትዌር ነው። ዛሬ በብዙ ድርጅቶች ወረቀቱ በስልክ ፎቶ ይነሣና በቴሌግራም ወደ ሂሳብ ክፍል ይላካል። ጽሑፍን ከምስል የሚያነበው ሶፍትዌር የሻጩን ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ጠቅላላ ድምሩን ለቅሞ ወደ ሂሳብ መዝገቡ ያስገባል። ቁጥሮቹን ብዙ ጊዜ በትክክል ያነባቸዋል። ጥፋቱ የሚመጣው ወረቀቱ ምን ዓይነት ወረቀት እንደሆነ ሳይጠየቅ ድምሩ «ለአቅራቢዎች የሚከፈል ዕዳ» ተብሎ ሲመዘገብ ነው።

ዕዳ መቼ ይወለዳል?

አገራችን በአዋጅ ቁጥር 847 የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ለዕዳ ግልጽ ትርጉም ይሰጣል። ዕዳ ማለት አስቀድሞ ከተፈጸመ ነገር የመነጨ፣ ዛሬ በድርጅቱ ላይ ያለ፣ ገንዘብ ወይም ሌላ ሀብት እንዲያስተላልፍ የሚያስገድደው ግዴታ ነው። በዚህ ትርጉም ውስጥ ወሳኙ «አስቀድሞ የተፈጸመ» የሚለው ነው። ዕቃው ደርሶ መጋዘን መግባት፣ ወይም አገልግሎቱ መሰጠት አለበት።

ፕሮፎርማ ይህን መመዘኛ አያሟላም። በሕግ ዓይን ሻጩ «በዚህ ዋጋ ልሸጥልህ ዝግጁ ነኝ» ብሎ ያቀረበው ሐሳብ ነው። የሚያስረው ሰው ቢኖር ራሱን ሻጩን ነው፤ እሱንም ቢሆን ወረቀቱ ላይ ለተጻፉት ቀናት ብቻ። ተቀባዩ እሺ እስኪል ድረስ ምንም የለበትም። እሺ ብሎ የግዥ ትዕዛዝ ከሰጠ በኋላ እንኳ ዕቃው እስኪመጣ ድረስ በሁለቱ መካከል ያለው ገና ያልተፈጸመ ውል ነው። ሻጩ አላስረከበም፣ ገዢውም አልከፈለም። ስለዚህ በተለመደው አሠራር ዕዳ ሆኖ አይመዘገብም።

የፕሮፎርማ አገልግሎትም ለውድድር ብቻ አይደለም። አስመጪው የውጭ ምንዛሪ ለመጠየቅና የባንክ መተማመኛ ሰነድ ለማስከፈት ፕሮፎርማ ለባንክ ያቀርባል። መኪና ወይም ማሽን በብድር መግዛት የሚፈልግ ሰውም እንዲሁ ያደርጋል። ባንኩ ባይፈቅድ ግዥው ይቀራል፤ ወረቀቱን የተቀበለው ሰው ለሻጩ የሚከፍለው ነገር አይኖርም።

የአሥር ጠረጴዛ ታሪክ

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አንድ ድርጅት አሥር የቢሮ ጠረጴዛ ሊገዛ ነው እንበል። የመጀመሪያው ነጋዴ ለአንዱ 20,000 ብር፣ ሁለተኛው 19,000፣ ሦስተኛው 21,000 ብር ይጠራሉ። 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጨመርበት የሦስቱ ፕሮፎርማዎች ድምር በየተራ 230,000፣ 218,500 እና 241,500 ብር ይሆናል። የግዥ ሠራተኛው ሦስቱንም ፎቶ አንሥቶ ይልካል። ሶፍትዌሩም ሦስቱንም ያነብና ይመዘግባል።

በዚያች ሰዓት ድርጅቱ ለማንም አንድ ሳንቲም ዕዳ የለበትም። መዝገቡ ግን 690,000 ብር ዕዳ አለበት ይላል። በሌላው ወገን ያልተገዙ ሠላሳ ጠረጴዛዎች በ600,000 ብር ንብረት ሆነው ተመዝግበዋል፤ 90,000 ብር ደግሞ ከመንግሥት የሚቀናነስ የግብዓት ታክስ ተብሏል።

ቀጥሎ ሁለተኛው ነጋዴ ያሸንፋል። ጠረጴዛዎቹ ሲመጡ አንዱ እግሩ ተሰብሮ ስለተገኘ ይመለሳል። ነጋዴው ደረሰኝ የሚቆርጠው ለዘጠኙ ነው፤ 171,000 ብርና ታክሱ 25,650፣ በጠቅላላው 196,650 ብር። ይህም ፎቶ ተነሥቶ ይገባል። አሁን የመዝገቡ ዕዳ 886,650 ብር ደርሷል። ትክክለኛው ዕዳ 196,650 ብቻ ነው።

«ተደጋጋሚ ሰነድ የሚይዝ መቆጣጠሪያ የለም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አለ፤ ነገር ግን እዚህ አያድንም። መቆጣጠሪያው የሚያነጻጽረው የሰነድ ቁጥር፣ ቀንና ድምር ነው። የፕሮፎርማው ቁጥር ከደረሰኙ ቁጥር ጋር አይገናኝም። ቀናቸው በሳምንታት ይራራቃል። አንዱ ጠረጴዛ በመመለሱም ድምሩ ተለውጧል። ስለዚህ ለሶፍትዌሩ ሁለቱ ከአንድ ነጋዴ የመጡ ሁለት የተለያዩ ግዥዎች ናቸው።

ጉዳቱ በመዝገብ ላይ አይቆምም። ከወር በኋላ ያልተከፈሉ ሂሳቦች ዝርዝር ሲወጣ ፕሮፎርማዎቹ «ጊዜያቸው ያለፈ» ተብለው ከላይ ይቀመጣሉ። ሥራ የበዛበት ገንዘብ ያዥ ለሁለተኛው ነጋዴ 218,500ውንም 196,650ውንም ቢከፍል የሚያስቆመው የለም፤ ሁለቱም በአንድ ስም የተመዘገቡ ናቸውና። የታክስ ማስታወቂያው ከዚሁ መዝገብ ከተዘጋጀ ደግሞ 25,650 ብር መቀናነስ ሲገባው 115,650 ይቀናነሳል። የግብዓት ታክስ የሚቀናነሰው በሕጋዊ የታክስ ደረሰኝ ስለሆነ፣ መርማሪ ሲመጣ ፕሮፎርማ ማሳየት ከቅጣት አያድንም።

ምስሉ የሚሰውረው

ሶፍትዌሩ ለምን ይሳሳታል? ፕሮፎርማ መልኩ ከደረሰኝ ጋር አንድ ነው። የድርጅቱ ስም፣ የዕቃ ዝርዝር፣ የነጠላ ዋጋ፣ ታክስ፣ ጠቅላላ ድምርና ማህተም አለው። ልዩነቱን የሚናገሩት ጥቂት ቃላት ናቸው፤ እነሱም ለፎቶ የማይመች ቦታ ላይ ይገኛሉ። ርዕሱ ከላይ ጫፍ ላይ ስለሆነ ፎቶው ሲቆረጥ አብሮ ይቀራል። አንዳንዱ ነጋዴ የደረሰኝ ጥራዙን አንሥቶ «ፕሮፎርማ» የሚለውን በእስክሪብቶ ጥግ ላይ ይጽፈዋል፤ ሌላው በማህተም ይመታዋል፤ ማህተሙም ከጽሑፉ ጋር ተደራርቦ አይነበብም። ከዚህም የከፋው «ፕሮፎርማ ኢንቮይስ» ከሚለው ርዕስ ውስጥ «ኢንቮይስ» የምትለዋን ብቻ ይዞ የሚፈርድ ፕሮግራም ነው።

ስለዚህ ከርዕሱ ሌላ ምልክት መፈለግ ግድ ነው። «ዋጋው ለ15 ቀን የጸና ነው» የሚል ሐረግ ካለ ወረቀቱ የዋጋ ማቅረቢያ ነው፤ የተፈጸመ ሽያጭ ዋጋው የሚጸናበት ቀን አያስፈልገውም። «የማስረከቢያ ጊዜ፦ ትዕዛዝ ከደረሰን በኋላ በ10 ቀን» የሚለውም ዕቃው ገና እንዳልመጣ ይናገራል። «50 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ» የሚል ቅድመ ሁኔታም እንደዚሁ ጥርጣሬ ይጭራል። በተቃራኒው የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ደረሰኝ የራሱ የፊስካል ቁጥር አለው። ከማሽኑ ደረሰኝ ጋር የሚሰጠው የዕቃ ዝርዝር ወረቀት ላይም «የማሽን ደረሰኝ ካልተያያዘበት ዋጋ የለውም» የሚል ማሳሰቢያ ታትሞ ይታያል።

ከእነዚህ አንዱ ብቻውን አይበቃም። ፎቶው ስለደበዘዘ የፊስካል ቁጥሩ ላይነበብ ይችላል፤ የቁጥሩ አለመነበብ ብቻ ወረቀቱን ፕሮፎርማ አያደርገውም። ምልክቶቹ እርስ በርሳቸው ሲጋጩ ወይም ሲጠፉ ሶፍትዌሩ መገመት የለበትም፤ ሰነዱን አቆይቶ ለሰው ማሳየት አለበት። ለአንድ ቀን የዘገየ ደረሰኝ በማግስቱ ይመዘገባል፤ በስህተት የተከፈለ ገንዘብ ግን በልመና ነው የሚመለሰው።

ታዲያ የት ይቀመጥ?

ፕሮፎርማ አይመዘገብም ማለት ይጣል ማለት አይደለም። ምስሉም የተለቀሙት ቁጥሮችም በግዥው ፋይል ውስጥ ይቀመጣሉ። ለምን ሁለተኛው ነጋዴ እንደተመረጠ ለኦዲተር የሚመሰክሩት እነሱ ናቸው። ደረሰኙ ሲመጣም የነጠላ ዋጋው በፕሮፎርማው ላይ ከተጻፈው 19,000 ብር ጋር ይመሳከራል። ሂሳብ መዝገቡን ግን አይነኩም።

መዝገቡን የሚከፍተው ዕቃው መግባቱ ነው። የመጋዘን ሠራተኛው ዘጠኝ ጠረጴዛ ቆጥሮ ሞዴል 19 ሲቆርጥ ዕዳው ተወለደ። ደረሰኙ ዘግይቶ የሂሳብ ዓመቱ ቢዘጋ እንኳ የእነዚህ ዘጠኝ ጠረጴዛዎች ዋጋ ዕዳ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ማስረጃዎቹም ሞዴል 19 እና የግዥ ትዕዛዙ ናቸው። የግብዓት ታክሱ ግን ደረሰኙን ይጠብቃል። ነጋዴው በፕሮፎርማው መሠረት ግማሹን አስቀድሞ ቢቀበልስ? ያን ጊዜም ገዢው ባለዕዳ አይሆንም። ገንዘቡ ከባንክ ወጥቶ ቅድሚያ ክፍያ ተብሎ በተሰብሳቢነት ይመዘገባል፤ ዕቃውን እስኪያስረክብ ድረስ ዕዳ ያለበት ነጋዴው ነው።

ስህተቱ ቀድሞ ገብቶ ከሆነ የሚጋለጥበት ቀላል መንገድ አለ። ከእያንዳንዱ አቅራቢ የሂሳብ መግለጫ አስመጥቶ ከራስ መዝገብ ጋር ማስታረቅ ነው። በምሳሌያችን የሁለተኛው ነጋዴ መግለጫ 196,650 ብር ሲል የድርጅቱ መዝገብ 415,150 ይላል። ልዩነቱ ልክ 218,500 ነው፤ የፕሮፎርማው ድምር። የቀሩት ሁለት ነጋዴዎች ደግሞ «ከእናንተ ጋር ሂሳብ የለንም» ብለው ይመልሳሉ። ሞዴል 19 የሌላቸውን ዕዳዎች ብቻ ለይቶ ማውጣትም ወደዚያው ያደርሳል። የተገኘው ስህተት አይሰረዝም፤ ምክንያቱ ተጽፎ በተቃራኒ ምዝገባ ይመለሳል። ታክሱ አስቀድሞ ተቀናንሶ ከሆነም ማስታወቂያው ይታረማል።

የሂሳብ ሶፍትዌር የምትሠሩም ሆናችሁ የምትገዙ፣ ከድምሩ በፊት የሰነዱ ዓይነት እንዲጠየቅ አድርጉ። ወረቀቱ ዕቃው መምጣቱን የማይናገር ከሆነ የሚናገረው ሻጩ ሊሸጥ የፈለገበትን ዋጋ ነው፤ የሻጭ ፍላጎት ደግሞ የገዢ ዕዳ አይሆንም።