ሦስት መኝታ በሦስት ደቂቃ

በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚለቀቁ የሚሸጡ ቤቶችን ቪዲዮ የሚከታተል ሰው አንድ ነገር ሳይገባው ይቀራል፤ ኪችኑ በየት በኩል ነው? ሳሎኑ ይታያል፣ ድንገት የሻወር ቤት ሴራሚክ ይመጣል፣ ከዚያ በረንዳ፣ ከዚያ ተመልሶ ሳሎን። አዲስ አበባ ያለ ገዢ በማግስቱ ሄዶ ያየዋል። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ተቀምጦ ለእናቱ ቤት የሚፈልግ ሰው ግን ውሳኔውን የሚጀምረው ከዚያ ቪዲዮ ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ የካሜራ አይደለም። ቀረጻው ሳይጀመር የትኛው ክፍል ከየትኛው በኋላ እንደሚታይና ምን እንደሚባል በወረቀት አልተጻፈም።

ወረቀቱ ቀላል ነው። መሐሉን በመስመር ይከፍሉትና በአንድ ወገን የሚታየውን፣ በሌላው የሚነገረውን፣ ዳር ላይ ደግሞ ሰከንዱን ይጽፋሉ። የክፍሎቹን ቅደም ተከተል የሚወስነው እግር ነው፤ እንግዳ በሩን ከፍቶ ሲገባ በሚያገኛቸው ተራ ይቀመጣሉ። የሚነገረው ደግሞ ካሜራ ሊያሳይ የማይችለው መሆን አለበት። ሳሎኑ እየታየ «ይህ ሳሎኑ ነው፣ በጣም ያምራል» ማለት ሰከንድ ማባከን ነው።

ለምሳሌ ሰሚት አካባቢ በአንድ የኮንዶሚኒየም ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለሦስት መኝታ ቤት እንውሰድ። ሳሎኑ ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ቀረጻው ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ይያዛል። ለጠቅላላው ቪዲዮ 3 ደቂቃ፣ ማለትም 180 ሰከንድ እንመድባለን።

የመጀመሪያዎቹ 20 ሰከንዶች የውጭ ናቸው። ከዋናው መንገድ ወደ ግቢው የሚያስገባው መንገድ፣ ብሎኩ ከነሙሉ ቁመቱ፣ ከዚያ ደረጃው። ድምፁ እዚህ ላይ ይገባል፦ «ሰሚት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። የተጣራ ስፋቱ 68 ካሬ ነው።» ሊፍት አለመኖሩን መጀመሪያ መናገር ለሻጭ ይከብደዋል። ነገር ግን ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ቤት የሚፈልግ ሰው ያን ሳይሰማ እስከ መጨረሻው ካየና ቆይቶ ካወቀ የደላላውንም የሻጩንም ቃል ከዚያ በኋላ አያምንም። «የተጣራ» የሚለው ቃልም የግድ ነው፤ የደረጃና የኮሪደር ድርሻ ተደምሮ የሚነገር ካሬ ከቤቱ ውስጥ ከሚለካው ይበልጣልና።

በሩ ሲከፈት ካሜራው አይቆረጥም። በሩን አልፎ በኮሪደሩ እስከ ሳሎኑ አፍ ድረስ ሳያቋርጥ ይሄዳል፤ ይህ 15 ሰከንድ የቤቱ ካርታ ነው። የሚነገረውም ካርታውን ይረዳል፦ «ኪችን በግራ፣ ሳሎን ፊት ለፊት፣ መኝታ ቤቶቹ በቀኝ በኩል ወደ ውስጥ።» ስልኩ በጎኑ ተይዞ በደረት ቁመት ላይ ይቆያል።

ለሳሎኑ 35 ሰከንድ እንሰጣለን። የመጀመሪያው ምስል ከበሩ ጥግ ተቁሞ ወደ ተቃራኒው ጥግ የሚነሳ ነው፣ ሁለተኛው ከመስኮቱ በኩል ወደ ገባንበት በር የሚመለከት። ይህ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ተመልካቹ የቆመበትን ቦታ የሚያውቀው ግን በእሱ ነው። ከጨለማ ጥግ ወደ መስኮት ሲዞሩ ምስሉ ድንገት ይጠቁራል ወይም ይነጣል። በአይፎን ላይ ስክሪኑን ተጭኖ ሲቆዩ AE/AF LOCK የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ብርሃኑ ባለበት ይጸናል። ቀን ከሆነና በቂ ብርሃን ካለ ቢጫ አምፖሎቹን ማጥፋት ይሻላል፤ ከፀሐይ ብርሃን ጋር ሲቀላቀሉ ነጭ ግድግዳ ቆሻሻ ያስመስላሉ።

ስልኩ ላይ 0.5 ተብሎ የተጻፈውን ሰፊ ሌንስ በተመለከተ አቋሜ ጠንካራ ነው። ጠባብ ሻወር ቤት ውስጥ ሌላ አማራጭ ላይኖር ይችላል። በሳሎንና በመኝታ ቤት ግን ክፍሉን ከእውነቱ በላይ ያሰፋዋል፤ ገዢው በአካል ሲመጣ የተታለለ ይመስለዋል። በ1 ቀርጾ ልኩን በድምፅ መናገር ይበቃል፦ «ሳሎኑ 4 ሜትር ከ20 በ5 ነው።» ከዚህ ዓረፍተ ነገር ቀጥሎ ወረቀቱ ላይ «ዝም፣ 4 ሰከንድ» ብለን እንጽፋለን። ልክ የሰማ ሰው ሶፋውን በልቡ የሚያስቀምጥበት ጊዜ ይፈልጋል።

በረንዳው 15 ሰከንድ ይበቃዋል፤ ፊት ለፊት ያለው ብሎክ ምን ያህል እንደሚቀርብ ይታይ እንጂ ሰማይ ብቻ አይቀረጽ።

ኪችኑ ግን 35 ሰከንድ ይገባዋል፤ ከሁሉ የሚበዛው ጥያቄ የሚመጣው በእሱ ላይ ነው። ካሜራው በሩ ላይ ቆሞ ጠቅላላውን ካሳየ በኋላ ቀርቦ የእቃ ማጠቢያውን፣ የምጣዱን ቦታና ሶኬቱን ይይዛል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል ስለሚወስድ የራሱ መስመርና ብሬከር እንዳለው ከባለቤቱ ወይም ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተረጋግጦ ይነገራል። ቧንቧው ተከፍቶ ውሃው ሲወርድ ድምፁ ሳይጠፋ 5 ሰከንድ ይሰማል፤ እዚያ ላይ ተራኪው ዝም ይላል። ቀጥሎ፦ «ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሦስት ቀን ነው። ባለ1,000 ሊትር ሮቶ አለው።» በወረፋ የሚመጣውን ውሃ ሁልጊዜ ያለ አስመስሎ መቅረጽ ማታለል ነው።

ሻወር ቤት 15 ሰከንድ። መስታወቱ ውስጥ ቀራጩ እንዳይታይ ከበሩ በሰያፍ ይቆማል። ኮርኒሱም ይታይ፤ የውሃ ጠብታ ምልክት ወይም ሻጋታ ካለ የሚገኘው እዚያ ነው። ካለ ይነገር፣ ታድሶም ከሆነ መቼ እንደታደሰ ይነገር።

ለሦስቱ መኝታ ቤቶች 35 ሰከንድ አለን፤ ለትልቁ 15፣ ለሌሎቹ አሥር አሥር። ትልቁን ካስቀደምን በኋላ ሁለቱ ትንንሾች በተመሳሳይ ቦታ ተቁሞ፣ ሁልጊዜ ከበሩ ጥግ፣ ይቀረጻሉ፤ ተመልካቹ የሚያወዳድራቸው ያኔ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ኮሪደሩ ለአንድ አፍታ መታየት አለበት። የቤተሰብ ፎቶ፣ የቤት ቁጥርና የተንጠለጠለ ቁልፍ ቀረጻው ሳይጀመር ይነሳሉ፤ ቪዲዮውን የሚያየው ገዢ ብቻ አይደለም።

የመጨረሻው 10 ሰከንድ የዋጋና የሰነድ ነው፣ ምስሉም የብሎኩ ፊት። «ካርታው በሻጩ ስም ነው፣ የባንክ ዕዳው ተከፍሎ አልቋል» የሚለው የሚነገረው ሰነዱን በዓይን ካዩ ብቻ ነው። ይህ ቤት በ20/80 የተገኘ እንደሆነ ለ80 በመቶው የተወሰደ ብድር ስላለበት ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም። ሰነዱ ራሱ ስክሪን ላይ አይውጣ።

ድምፁ ከቀረጻው በኋላ ለብቻ ይነበባል። ባዶ ክፍል ያስተጋባል፤ ልብስ የሞላበት ቁምሳጥን አጠገብ ወይም መኪና ውስጥ ሆኖ መቅዳት የተሻለ ነው። ጽሑፉ አስቀድሞ ጮክ ተብሎ በስልክ ሰዓት ይለካል፤ ለሳሎኑ የተጻፈው 50 ሰከንድ ከወሰደ ፈጥኖ ማንበብ ሳይሆን ዓረፍተ ነገር ማውጣት ነው መፍትሔው።

ከመልቀቅ በፊት ቪዲዮውን ቤቱን አይቶ ለማያውቅ ሰው ድምፁን አጥፍቶ ማሳየትና እርሳስ ሰጥቶ የቤቱን ቅርጽ በወረቀት እንዲስል መጠየቅ ጥሩ ፈተና ነው። ኪችኑን በቀኝ ከሳለው የኮሪደሩ ቀረጻ ፈጥኗል፣ ይደገማል። ሦስተኛውን መኝታ ከሁለተኛው ለይቶ ካላስቀመጠ መሐላቸው የኮሪደር ምስል ጎድሏል።