ካርዱ ታጥፎ ሲደርስ

አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰብሳቢ በኢቤይ በኩል በ1999 የታተመ የፖኪሞን ቻሪዛርድ ካርድ በ300 ዶላር ገዛ እንበል። ሻጩ በማስታወቂያው ላይ «እንደ አዲስ» ብሎታል፤ ፎቶውም ያንኑ ይመሰክራል። ከቀናት በኋላ ግን ካርዱ በተራ የወረቀት ፖስታ፣ ፖስታውም መሐሉ ላይ ታጥፎ ደረሰ።

ለማያውቀው ሰው አንዲት ቀጭን መስመር ያን ያህል የምታስቆጣ አትመስልም። ካርዶችን መርምሮ ከ1 እስከ 10 ደረጃ የሚሰጠው ፒኤስኤ የተባለው ድርጅት ግን ቀላል የእጥፋት መስመርን የሚታገሠው ከ4ኛ ደረጃ ጀምሮ ወደ ታች ነው። ማዕዘኖቹ ሹል፣ ቀለሙ ደማቅ ቢሆንም እንኳ መስመሩ ካለ ካርዱ ከላይኞቹ ደረጃዎች ወጣ ማለት ነው። የሰብሳቢዎች ገበያ ደግሞ ዋጋ የሚቆርጠው ደረጃውን አይቶ ነው።

ስለዚህ ጥሩ የአቤቱታ ደብዳቤ የሚጀምረው ከመጻፉ በፊት፣ ካርዱን በማየት ነው። አንጸባራቂ ካርዶች ማንም ሳይነካቸው ጥቂት ሊጎብጡ ይችላሉ፤ ወረቀቱ እርጥበት ሲስብና ሲያደርቅ፣ ላዩ ላይ ያለው አንጸባራቂ ሽፋን አብሮት ስለማይለጠጥና ስለማይሸበሸብ ነው። ይህ ጉብጠት ካርዱን በሙሉ ለስለስ አድርጎ የሚያቀና የሚያዘም እንጂ የሚሰብር አይደለም። እጥፋት ሌላ ነው። ካርዱን በአንድ መብራት ሥር ዘንበል አድርጎ ሲያዩት ሽፋኑ የተሰበረበት ቀጥ ያለ መስመር ብልጭ ይላል፤ ብዙ ጊዜም ከቀለሙ ሥር ያለው ነጭ ወረቀት ይታያል። ገዢው ሁለቱን ካልለየ፣ ሻጩ «የእርጥበት ነገር ነው» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያሸንፈዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ፖስታው ነው፤ ብዙዎች ቀደው የሚጥሉትም እሱኑ ነው። ካርዱን በነበረበት ቦታ መልሶ ፖስታው ላይ ማስቀመጥና የሁለቱ እጥፋት በአንድ ከፍታ ላይ መግጠሙን የሚያሳይ ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል። የፖስታ ቤት መለያ ማሽኖች ደብዳቤን በቀበቶና በጥቅል ብረት መካከል በፍጥነት ስለሚያሳልፉ፣ ጠንካራ መከላከያ የሌለው ካርድ እዚያ ቢታጠፍ አይገርምም። ጠንቃቃ ሻጭ ካርዱን በስስ ፕላስቲክ ይሸፍነዋል፤ ሰብሳቢዎች ቶፕሎደር በሚሉት ጠንካራ ማቀፊያ ውስጥ ያስገባዋል፤ በሁለት ካርቶን መካከል አድርጎም አየር ባለው ፖስታ ይልከዋል።

ደብዳቤው አጭር ቢሆን ይመረጣል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ከእርስዎ የገዛሁት የ1999 ቻሪዛርድ፣ ቁጥር 4/102፣ ሰኔ 8 ቀን ደርሶኛል። የመጣው ያለ ጠንካራ ማቀፊያና ያለ ካርቶን በወረቀት ፖስታ ነው። ካርዱ ላይ ከታችኛው ጠርዝ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከዳር እስከ ዳር የእጥፋት መስመር አለ፤ በማስታወቂያዎ ፎቶ ላይ ግን አይታይም። የፖስታው እጥፋትም በዚያው ቦታ ነው፤ አራት ፎቶዎች አያይዣለሁ። «እንደ አዲስ» ተብሎ የተሸጠልኝ ካርድ ስላልደረሰኝ፣ በእርስዎ ወጪ መልሼ 300 ዶላሩና የመላኪያው ክፍያ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።»

የዚህ ደብዳቤ ጉልበት ስድብ አለመኖሩ ብቻ አይደለም። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ሻጩ «አዎ» ወይም «አይሆንም» ከማለት ሌላ መሸሻ የለውም። «ካልመለስክ መጥፎ አስተያየት እጽፍብሃለሁ» የሚል ዛቻ ቢገባበት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ኢቤይ ገዢ አስተያየቱን ማስፈራሪያ አድርጎ ያልተገባ ነገር እንዳይጠይቅ በደንቡ ስለሚከለክል ጥፋቱ ወደ ገዢው ይዞራል።

የሻጩ የተለመደ መልስ «ያጠፈው ፖስታ ቤቱ ነው» የሚል ነው። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በኢቤይ የገዢ ዋስትና መሠረት ዕቃው እንደተገለጸው ሆኖ እስኪደርስ ኃላፊነቱ የሻጩ ነው። ኢንሹራንስ ገብቶ ከሆነ ካሳውን ከፖስታ ቤት መጠየቅ የእሱ ፋንታ ይሆናል። ገዢው አቤቱታውን ዕቃው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ በድረ ገጹ የመመለሻ ጥያቄ በኩል ማስገባት አለበት። ሻጩ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልፈታው ድርጅቱ ጣልቃ እንዲገባ መጠየቅ ይቻላል። «በስልክ እንነጋገር፣ በሌላ መንገድ ልላክልህ» የሚል ሻጭን መከተል ግን ይህን ዋስትና ሊያሳጣ ይችላል።

ሻጩ ግማሹን ልመልስና ካርዱን አስቀረው ሊልም ይችላል። ይህን ከመቀበል በፊት ተመሳሳይ እጥፋት ያለባቸው ካርዶች በቅርቡ በስንት እንደተሸጡ ማየት ይጠቅማል። እንዲህ ያለው ቻሪዛርድ 100 ዶላር ብቻ የሚያወጣ ከሆነ፣ 150 ዶላር መቀበል ገዢውን በ50 ዶላር ይጎዳዋል።

ካርዱን በመጽሐፍ ተጭኖ ለማቃናት መሞከር ግን አይገባም፤ መስመሩ አይጠፋም፤ ሻጩም ጉዳቱን ያደረስከው አንተ ነህ ለማለት ምክንያት ያገኛል። የሚመለሰውም ካርድ በቶፕሎደርና በካርቶን ተጠብቆ፣ መከታተያ ቁጥር ባለው መንገድ መላክ አለበት፤ ፎቶዎቹና የመጀመሪያው ፖስታ ግን ገንዘቡ እስኪገባ ድረስ ገዢው ዘንድ ይቆያሉ።