በቀን ሦስት ዶላር፦ የትንሽ ሱቅ ማስታወቂያ ዓላማው ምን ይሁን?

በፌስቡክና በኢንስታግራም ማስታወቂያ ለማውጣት አድስ ማናጀርን የሚከፍት ነጋዴ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው የዘመቻውን ዓላማ ነው። ምን እንደሚሸጥ ወይም ለማን እንደሚሸጥ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። የሚቀርቡለት ምርጫዎች ስድስት ናቸው፦ Awareness፣ Traffic፣ Engagement፣ Leads፣ App promotion እና Sales። ብዙ ሰው ይህን ገጽ እንደ መግቢያ ቅጽ ቆጥሮ ደስ ያለውን ነክቶ ያልፋል። ነገር ግን ማስታወቂያው ለማን እንደሚታይ በአብዛኛው የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ዘመቻው አንዴ ከወጣ በኋላም ዓላማውን መቀየር አይቻልም፤ ሌላ ዓላማ የፈለገ ሰው አዲስ ዘመቻ መክፈት አለበት።

ለዓላማው ይህን ያህል ክብደት የሰጠው የአሠራሩ ጠባይ ነው። በአዲስ አበባ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 45 የሆነ ሴቶች ቢመረጡ እንኳ በሦስት ዶላር ሁሉንም ማዳረስ አይቻልም። ስለዚህ ሥርዓቱ ከመካከላቸው ጥቂቶቹን ይመርጣል፤ የሚመርጠውም የታዘዘውን ድርጊት ሊፈጽሙ ይችላሉ ብሎ የገመታቸውን ነው። ጠቅታ የታዘዘ እንደሆነ መጫን የሚወዱ ሰዎችን ያመጣል። መውደድና አስተያየት ከታዘዘ ያገኘውን ሁሉ «ላይክ» የሚያደርጉትን ይሰበስባል። እነዚህ ሰዎች ገዢ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ሥርዓቱ ግን ግዢ ስላልታዘዘ ስለ ግዢ አይጨነቅም። ብዙ ባለሱቆች አንድ ፖስት «ቡስት» አድርገው መቶ ላይክ ሲያገኙና አንድ ቀሚስ ሳይሸጡ ሲቀሩ ጥፋቱን በፎቶው ላይ ይጥላሉ። ምናልባት ፎቶው ምንም አልጎደለውም፤ የታዘዘው ላይክ ነበርና የመጣውም ላይክ ነው።

እንግዲያው «ሽያጭ» የሚለውን መርጦ መገላገል አይሻልም ወይ? እዚህ ላይ ሁለት እንቅፋት አለ። በዚህ ዓላማ ግዢን ለማሳደድ ሥርዓቱ ግዢው መፈጸሙን ማየት አለበት። ይህን የሚያየው በሱቁ ድረ ገጽ ላይ በተተከለ ፒክስል በሚባል አጭር ኮድ ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ የሀበሻ ቀሚስ የሚሸጥ ሱቅ ድረ ገጽ ከሌለው፣ ገንዘቡም በቴሌብር ወይም በባንክ ዝውውር የሚገባ ከሆነ፣ ለፌስቡክ የሚታየው ግዢ የለም። ሁለተኛው እንቅፋት የቁጥር ነው። አዲስ ማስታወቂያ ወጥቶ «የመማሪያ ጊዜ» የሚባለውን ለማለፍ፣ በአንድ የማስታወቂያ ስብስብ ውስጥ በ7 ቀን ገደማ 50 ያህል የታዘዙ ድርጊቶች ያስፈልጉታል። ከዚያ በታች ሲሆን ውጤቱ ከቀን ወደ ቀን ይዋዥቃል፤ አንዱም ድርጊት ብዙ ጊዜ ይወደዳል።

የትንሽ በጀት ምርጫ የሚጀምረው ከዚህ ሒሳብ ነው። በቀን 3 ዶላር በሳምንት 21 ዶላር ይሆናል። በአንዳንድ ቀን ከ3 ዶላር በላይ ሊወጣ ይችላል፤ ሌላ ቀን ስለሚያንስ ግን የሳምንቱ ድምር ከዕለቱ በጀት ሰባት እጥፍ አያልፍም። 21 ለ50 ሲካፈል 42 ሳንቲም ይመጣል። ይህ ሱቅ መማሪያውን ሊያልፍ የሚችለው እያንዳንዱ ድርጊት ከ42 ሳንቲም ካልበለጠ ነው ማለት ነው። አንድ ገዢ ለማግኘት 5 ዶላር የሚፈጅ ከሆነ በሳምንት የሚገኘው አራት ገዢ ብቻ ስለሆነ፣ ድረ ገጽ ቢኖረውም እንኳ ግዢን ማዘዝ ይከብዳል። ይኸው በጀት ለሁለት ስብስብ ከተከፈለ ጣሪያው ወደ 21 ሳንቲም ይወርዳል። በዚህ አቅም አንድ ዘመቻ፣ አንድ ስብስብ፣ በውስጡም ሁለት ወይም ሦስት ማስታወቂያ ይበቃል።

ስለዚህ የሚፈለገው ለሽያጭ ቅርብ የሆነ፣ ግን በሳምንት ሃምሳ ጊዜ ሊገኝ የሚችል፣ ሥርዓቱም የሚያየው ድርጊት ነው። ድረ ገጽ ለሌለው ሱቅ ይህ ብዙውን ጊዜ መልእክት ነው። Engagement ተመርጦ፣ መድረሻው ሜሴንጀር፣ ኢንስታግራም ወይም ዋትስአፕ ሆኖ፣ ግቡ የተጀመሩ ውይይቶችን ማብዛት ይሆናል። ደንበኛው ማስታወቂያውን ሲነካ የሚከፈትለት የሱቁ የመልእክት ሳጥን ነው። እዚያው ልኩን፣ ቀለሙንና ማድረሻውን ይጠይቃል።

ቴሌግራም ላይ ለሚሸጥ ሱቅ ነገሩ ጠመዝማዛ ነው። ቴሌግራም የሌላ ኩባንያ በመሆኑ ፌስቡክ የሚያየው ሊንኩ መነካቱን ብቻ ነው፤ ሰውዬው ቻናሉን ይቀላቀል ወይም ይመለስ አያውቅም። ስለዚህ Traffic ተመርጦ በርካሽ ብዙ ጠቅታ ይገኛል፤ ከዚያ ውስጥ በስህተት የተነካው ጥቂት አይደለም። ይህን መንገድ የግድ የሚከተል ሰው ለማስታወቂያው ብቻ የተለየ የቻናል መጋበዣ ሊንክ ማውጣት ይችላል። በዚያ ሊንክ ስንት ሰው እንደገባ ቴሌግራም ራሱ ይቆጥራል፤ ከፌስቡክ የጠቅታ ቁጥር ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ይታያል።

የመልእክት ዓላማም የራሱ ወጥመድ አለው፤ ርካሽ ውይይት ጥሩ ውይይት ላይሆን ይችላል። ሱቁ በመጀመሪያው ሳምንት የቀሚሱን ቪዲዮ አውጥቶ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ብሎ ጻፈ እንበል። 80 ውይይት ተጀመረ፤ እያንዳንዱ 26 ሳንቲም ገደማ ነው። ከሰማንያው ግን አብዛኛው «ስንት ነው?» ብሎ ዋጋውን ሲሰማ ዝም የሚል ነው፤ የገዙት አራት ናቸው። አንድ ሽያጭ 5 ዶላር ከ25 ሳንቲም ፈጀ። በሚቀጥለው ሳምንት ዋጋውና ያሉት ልኮች ማስታወቂያው ላይ ተጻፉ። ውይይቱ ወደ 52 ወረደ፣ የአንዱም ዋጋ ወደ 40 ሳንቲም ወጣ። የገዙት ግን ሰባት ሆኑ፤ አንድ ሽያጭ 3 ዶላር ፈጀ ማለት ነው። አድስ ማናጀርን ብቻ የሚያይ ሰው ሁለተኛው ሳምንት ከፋ ይላል። ከአንድ ቀሚስ 8 ዶላር የሚያተርፍ ባለሱቅ ግን ሁለተኛውን ይመርጣል። የገዢውን ቁጥር ፌስቡክ ስለማያውቀው ባለሱቁ ራሱ በደብተር መያዝ አለበት።

የመማሪያ ጊዜውን በጣም የሚያበላሸው ትዕግሥት ማጣት ነው። በሦስተኛው ቀን ፎቶ መቀየር፣ ታዳሚ ማጥበብ ወይም በጀቱን በአንዴ ከፍ ማድረግ ቆጠራውን እንደገና ያስጀምራል። የሀበሻ ቀሚስ ገበያ ከበዓል ጋር የተያያዘ ስለሆነም ማስታወቂያውን በጥምቀት ዋዜማ መጀመር ትርፉ ትንሽ ነው፤ ሥርዓቱ ገና ሲማር በዓሉ ያልፋል። ከሁለት ሳምንት በላይ ቀድሞ ቢወጣ፣ አንዱ ሳምንት ለመማር ቢሄድ እንኳ የሚሸጥበት ቀን ይተርፋል። በአንጻሩ «Learning limited» የሚል ምልክት መጣ ተብሎ ማስታወቂያው አይዘጋም። አንድ ሽያጭ የፈጀው ገንዘብ ከትርፉ በታች እስከሆነ ድረስ በሳምንት 35 ውይይት ብቻ የሚያመጣ ዘመቻም ይቀጥላል።

የቀሩትን ምርጫዎች በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። Awareness ብዙ ዓይን በርካሽ ይገዛል፤ አዲስ የተከፈተ ምግብ ቤት ለአካባቢው ሰው ራሱን ሲያስተዋውቅ ይጠቅም ይሆናል፣ ለዚህ ሱቅ ግን የሚቆጠር ነገር አይሰጥም። App promotion መተግበሪያ ላለው ብቻ ነው። Leads ስምና ስልክ የሚሞላበት ቅጽ ስለሚያቀርብ፣ ለሠርግ በልክ የሚያሰፉ ደንበኞችን እየደወለ ለሚያነጋግር ሱቅ ይሆናል፤ ስልኩ በዕለቱ ካልተደወለ ግን የሞላው ሰው መሙላቱንም ይረሳል።

ሱቁ ወደፊት ድረ ገጽና ፒክስል ሲኖረው ወደ Sales ሊሻገር ይችላል። ግዢው በሳምንት ሃምሳ ካልደረሰ፣ በዚያው ዓላማ ውስጥ ከግዢ አንድ እርምጃ የሚቀድመውን «ወደ ቅርጫት መጨመር» የሚለውን ድርጊት አዝዞ መቆየት ይቻላል። በጀቱ 21 ዶላር እስከሆነ ድረስ ያም ድርጊት የሚለካው በ42 ሳንቲሙ ጣሪያ ነው።