ከ70 አንዱ ምን ይነግረናል?

በ1920ዎቹ በእንግሊዝ አገር፣ በሮትሃምስተድ የግብርና ምርምር ጣቢያ፣ በሻይ ሰዓት ክርክር ተነሣ። የአልጌ ተመራማሪዋ ሙሪየል ብሪስቶል ስኒው ውስጥ ቀድሞ የገባው ወተቱ ይሁን ሻዩ ቀምሰው እንደሚለዩ ተናገሩ። በቦታው የነበሩት የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸርም ነገሩ በሙከራ የሚለይበትን መንገድ አሰቡ። በ1935 ባሳተሙት መጽሐፍም ሙከራውን በዝርዝር አስረዱ።

ስምንት ስኒ ይቀርባል። በአራቱ ወተቱ፣ በአራቱ ሻዩ ቀድሞ ተቀድቷል፤ ቅደም ተከተላቸው በዕጣ ተደባልቋል። ቀማሿ ወተት የቀደመባቸውን አራቱን ይመርጣሉ። ከስምንት ስኒ አራቱን የመምረጫው መንገድ 70 ነው፤ ትክክለኛው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ምንም ሳይለይ በግምት የሚመርጥ ሰው ሁሉንም የሚያገኝበት ዕድል ከ70 አንድ፣ 0.014 ገደማ ነው።

ፒ-ቫልዩ የሚባለው ይህ ቁጥር ነው። «ችሎታ የለም፣ ሁሉም ግምት ነው» የሚለው መነሻ ሐሳብ ባዶ መላምት ይባላል። ፒ-ቫልዩ ባዶ መላምቱ እውነት ቢሆን ኖሮ የተገኘውን ያህል ወይም ከዚያ የጠነከረ ውጤት የመገኘት ዕድሉ ስንት እንደነበር ይነግረናል።

ስሕተቱ የሚመጣው ነገሩን ስንገለብጠው ነው። «ሁሉንም አግኝተዋል፤ እንግዲያው የገመቱ የመሆናቸው ዕድል 0.014 ነው» የሚል ሰው ተሳስቷል። ወባ የያዘውን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያተኩሰዋል፤ ያተኮሰው ሁሉ ግን ወባ አለበት ማለት አይደለም።

በቁጥር እንየው። 710 ሰዎች ለሙከራው ቀረቡ እንበል። አሥሩ በእርግጥ መለየት ይችላሉ፤ 700ው ዝም ብለው ይገምታሉ። አሥሩ ሁሉንም በትክክል ያገኛሉ። ከገማቾቹም ከ70 አንዱ፣ ማለትም አሥር ያህሉ፣ በአጋጣሚ ሁሉንም ያገኛሉ። ፊታችን ሁሉንም ያገኙ 20 ሰዎች ቆሙ ማለት ነው። የእያንዳንዳቸው ፒ-ቫልዩ 0.014 ነው፤ ግማሾቹ ግን ገማቾች ናቸው!

አሁን ደግሞ 70 ገማቾችና 70 ችሎታ ያላቸው ሰዎች ቢመጡስ? ሁሉንም ካገኙት 71 ሰዎች ገማቹ አንድ ያህል ብቻ ይሆናል። ፒ-ቫልዩው አልተለወጠም፤ መልሱ ግን ፈጽሞ ሌላ ሆነ። ልዩነቱን ያመጣው ከሙከራው በፊት ችሎታው ምን ያህል የተለመደ እንደነበር ነው። ይህን ፒ-ቫልዩ አያውቀውም።

በመድኃኒት ምርምርም ነገሩ ያው ነው። ከተሞከሩት ውሁዶች የሚሠሩት ጥቂት ከሆኑ፣ ከተለመደው 0.05 በታች ከወረዱት ውጤቶች ብዙዎቹ የአጋጣሚ ፍሬ ሊሆኑ ይችላሉ። የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበር በ2016 ባወጣው መግለጫ ፒ-ቫልዩ አንድ መላምት እውነት የመሆኑን ዕድል እንደማይለካ በግልጽ አስታውቋል።

ስለዚህ «ፒ-ቫልዩው ከ0.05 በታች ስለሆነ መድኃኒቱ የመሥራቱ ነገር 95 በመቶ እርግጥ ነው» የሚል ዜና ሲያነቡ አይቀበሉት። ስንት ሙከራ እንደተደረገ፣ ከሙከራው በፊትስ ነገሩ ምን ያህል ይታመን እንደነበር ይጠይቁ።