የትንሽ ሱቅ የመጀመሪያ ድረ ገጽ፦ ተረትና እውነታ

አንድ ሱቅ ድረ ገጽ ለማሠራት ሲነሣ ሦስት መንገዶች ይጠብቁታል። አንዱ እንደ ዊክስ፣ ስኩዌርስፔስ ወይም ሾፒፋይ ያለ የድረ ገጽ መገንቢያ ነው፤ ባለሱቁ በየወሩ ወይም በየዓመቱ ኪራይ እየከፈለ፣ በኩባንያው ሰርቨር ላይ በኩባንያው መሣሪያ ገጹን ያዘጋጃል። ሁለተኛው የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ነው። ከእነዚህ በስፋት የሚሠራበት እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ዎርድፕረስ ሲሆን፣ ዉኮሜርስ የተባለው ፕለጊን ሲጫንበት የዕቃ መሸጫ ይሆናል። ሦስተኛው ዴቨሎፐር ቀጥሮ ከባዶ ማስጻፍ ነው። ስለ ሦስቱም የሚነገሩት ተረቶች ግማሽ እውነት ስላለባቸው በቀላሉ ይታመናሉ። ነገሩን በምሳሌ ለማየት ሽሮ ሜዳ ላይ አርባ ዓይነት የሐበሻ ቀሚስ፣ ነጠላና ጋቢ የምትሸጥ አንዲት ሱቅ ትታሰብ፤ ደንበኞቿ ከፊሉ አዲስ አበባ፣ ከፊሉ ዋሽንግተንና አካባቢው የሚኖሩ ናቸው።

ተረት፦ «መገንቢያው ቀላል ነው፤ ለትንሽ ሱቅ እሱ ይበቃል።»

ቀላልነቱ አያከራክርም። ፎቶና ዋጋ የተዘጋጀለት ሰው በአንድ ቅዳሜና እሑድ ገጹን ያቆመዋል፤ የሰርቨሩ ጥበቃና እድሳት የኩባንያው ሥራ ነው። ችግሩ የሚመጣው በገንዘብ በኩል ነው። ኪራዩ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ለዚያ የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል። ከዚያም የሚብሰው የደንበኛው ክፍያ ነው፦ ሾፒፋይ የራሱን የካርድ ክፍያ አገልግሎት ኢትዮጵያ ውስጥ ለተመዘገበ ነጋዴ አይሰጥም፤ የአዲስ አበባዋ ደንበኛ ደግሞ በቴሌብር መክፈል ነው የምትፈልገው። ስለዚህ የገጹን ቀለም ከመምረጥ በፊት በነጻው የሙከራ ጊዜ ወደ ክፍያ ማስተካከያው ገብቶ አገሩን ኢትዮጵያ ብሎ መሙላትና የሚመጣውን የክፍያ አማራጮች ዝርዝር ማየት ያስፈልጋል። የብዙ ሱቆች ውሳኔ እዚያ ገጽ ላይ ያልቃል።

መልሱ የሚገለበጥባቸው ሁለት ሁኔታዎች አሉ። የሱቋ ባለቤት አሜሪካ የተመዘገበ ድርጅትና የባንክ ሒሳብ ያላት ሸሪክ ካለቻትና ሽያጩም በአብዛኛው ወደዚያ ከሆነ፣ መገንቢያው ከሁሉም የተሻለ ነው። ሽያጩ እንደ ወትሮው በስልክና በቴሌግራም የሚያልቅ ሆኖ ገጹ ዕቃውን፣ ዋጋውንና አድራሻውን ለማሳየት ብቻ ከተፈለገም የክፍያው ጥያቄ አይነሣም። ለዚህ ዓይነቱ ገጽ ከመገንቢያ በላይ ገንዘብ ማውጣት ብክነት ነው።

ተረት፦ «ዎርድፕረስ ነጻ ነው።»

ነጻ የሆነው ፕሮግራሙ ነው። ዶሜንና ሆስቲንግ በየዓመቱ ይከፈላል፤ ከሁለቱም በላይ የሚያስወጣው ግን ክትትሉ ነው። ለሽሮ ሜዳዋ ሱቅ ትልቁ ጥቅሙ እንደ ቻፓ ያሉ የአገር ውስጥ የክፍያ ድርጅቶችን በፕለጊን ማገናኘት መቻሉ ነው፤ ደንበኛዋ በቴሌብር ከፍላ ገንዘቡ በብር ይገባል። በአንጻሩ እያንዳንዱ ፕለጊን የሌላ ሰው ኮድ ነው፤ ዎርድፕረስ ላይ የሚደርሰው ጥቃትም በአብዛኛው የሚገባው ባልታደሰ ፕለጊን በኩል ነው።

ጥቃቱ ለባለቤቷ ላይታይ ይችላል። አንዳንዱ ተንኮል አዘል ኮድ አስተዳዳሪ ሆኖ ለገባ ሰው ገጹን ንጹሕ አድርጎ ያሳይና ከጉግል ፍለጋ በስልክ የመጣውን እንግዳ ወደ ቁማር ማስታወቂያ ይወስደዋል። ስለዚህ ፍተሻው መደረግ ያለበት አስተዳዳሪ ሆኖ ወደ ገጹ ባልተገባበት ስልክ፣ ሱቁን ጉግል ላይ ፈልጎ በመክፈት ነው። በተጠቃሚዎች ዝርዝር ውስጥ ማንም የማያውቀው አስተዳዳሪ ከተገኘም ያው ምልክት ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ፋይሎቹንና ዳታቤዙን ገልብጦ ከሆስቲንጉ ውጭ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ፕለጊኖቹን ማደስ፣ ካደሱ በኋላም አንድ የሙከራ ትእዛዝ እስከ ክፍያው ድረስ መግፋት ይገባል። ይህን የሚሠራ ሰው በስም ካልታወቀ ዎርድፕረስን አለመምረጥ ይሻላል።

ተረት፦ «ከባዶ የተጻፈ ድረ ገጽ የራስ ንብረት ነው።»

የራስ የሚሆነው ቁልፉ በእጅ ሲሆን ነው። ዶሜኑ በዴቨሎፐሩ ኢሜይል ከተመዘገበ፣ ሆስቲንጉ በእሱ አካውንት ከተከፈለና ኮዱ እሱ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ካለ፣ እሱ አገር በቀየረ ቀን ሱቋ ባዶ እጇን ትቀራለች። ሦስቱም በሱቋ ኢሜይል መከፈትና ለዴቨሎፐሩ የመግቢያ ፈቃድ መሰጠት አለባቸው።

ሌላው አደጋ በቀላሉ አይታይም። ደንበኛዋ በክፍያ ድርጅቱ ገጽ ላይ 6,500 ብር ከፍላ ስትጨርስ፣ ብራውዘሯ ወደ ሱቋ «እናመሰግናለን» ገጽ ይመልሳታል። በጥድፊያ የተጻፈ ኮድ የዚህን ገጽ መከፈት እንደ ክፍያ ማረጋገጫ ይወስደዋል። ያን ጊዜ አድራሻውን በእጁ ጽፎ የከፈተ ሁሉ ሳይከፍል «ተከፍሏል» ይባላል፤ በሌላ በኩል ከፍላ ኔትወርክ የተቋረጠባት ደንበኛ እንዳልከፈለች ትቆጠራለች። ትክክለኛው አሠራር የሱቋ ሰርቨር ራሱ በግብይቱ ቁጥር የክፍያ ድርጅቱን ጠይቆ፣ ክፍያው መፈጸሙንና መጠኑን ከትእዛዙ ጋር ማመሳከሩ ነው። ሥራውን ከመረከብ በፊት ትንሽ ገንዘብ ከፍሎ፣ ወደ ሱቋ ገጽ ከመመለስ በፊት ብራውዘሩን መዝጋት ይቻላል፤ ትእዛዙ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ «ተከፍሏል» ካላለ ኮዱ ገና ነው። በብዙ ሱቆች የተፈተነ ፕለጊን እንዲህ ያለውን ጉድለት አስቀድሞ የማረም ዕድል አግኝቷል፤ አዲስ ኮድ ግን በሱቋ ገንዘብ ነው የሚፈተነው። የደረትና የቁመት ልክ መቀበል እንኳ በዉኮሜርስ ላይ ተጨማሪ መሙያ በማስገባት ስለሚሆን፣ ለአርባ ዓይነት ልብስ ከባዶ የሚያስጽፍ ምክንያት ማግኘት ይከብዳል።

ተረት፦ «ካልተመቸ በኋላ ይቀየራል።»

የሚሄደው የዕቃው ዝርዝር ነው፤ ስም፣ ዋጋና ብዛት በሲኤስቪ ፋይል ከመገንቢያው ወጥቶ ዉኮሜርስ ውስጥ ይገባል። የገጹ ንድፍ ግን አይሄድም፤ የደንበኞች የይለፍ ቃልም እንዲሁ። በሲኤስቪው ውስጥ የፎቶዎቹ ስም ወይም አድራሻ እንጂ ፎቶዎቹ ስለሌሉ፣ ዋናዎቹን ለብቻ ያላስቀመጠ ሱቅ እንደገና ማንሳት ሊኖርበት ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው አድራሻው ነው። ዊክስ ላይ የአንድ ዕቃ ገጽ `/product-page/` በሚል ይጀምራል፤ ዉኮሜርስ ላይ ግን በተለመደው አቀማመጥ `/product/` ነው። ሱቋ ለሁለት ዓመት በቴሌግራም የለጠፈችው ሊንክና ጉግል የመዘገበው አድራሻ በአንድ ሌሊት ይሞታል ማለት ነው። መድኃኒቱ አፓቼ በሚባለው ሰርቨር ላይ፣ `.htaccess` በተባለው ፋይል ውስጥ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ መስመር መጻፍ ነው፦

```
Redirect 301 /product-page/tilet-kemis /product/tilet-kemis/
```

አርባ ዕቃ አርባ መስመር ነው፤ የግማሽ ቀን ሥራ። ይህ የሚሠራው ግን ዶሜኑ የሱቋ ከሆነ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ የድሮውን አድራሻ የሚከፍት ሁሉ ወደ አዲሱ ሰርቨር ይመጣል፣ ሰርቨሩም ወደ ትክክለኛው ዕቃ ይመራዋል። በመገንቢያው ነጻ አድራሻ፣ ማለትም በ`wixsite.com` ሥር የተከፈተ ሱቅ እንዲህ ያለ መስመር የሚጽፍበት ቦታ የለውም፤ አድራሻው የኩባንያው ነውና። ከዝውውሩ በኋላ የድሮ የቴሌግራም ልጥፎችን አንድ በአንድ ከፍቶ፣ ሊንኩ የተባለውን ቀሚስ ማምጣቱን ማየት ይገባል።