የእረኛው ጊዜ ስንት ያወጣል?

በምጣኔ ሀብት ትምህርት «የታለፈ ዕድል ዋጋ» የሚባለው፣ አንድ ነገር ሲመረጥ ከተተዉት አማራጮች መካከል የተሻለው ሊያስገኝ ይችል የነበረው ጥቅም ነው። ይህ ዋጋ ከኪስ ስለማይወጣ ብዙ ጊዜ ሳይቆጠር ይታለፋል፤ በሰቆጣ ዙሪያና በቀሩት የዋግ ኽምራ ቀበሌዎች ግን፣ ጥሪቱ ጥቂት፣ ክረምቱም አጭር በመሆኑ፣ ያልተቆጠረው ወጪ ከተቆጠረው ሊበልጥ ይችላል።

ለማሳያ ያህል አንድ በሬ ያለውና በእጁ 45,000 ብር የያዘ ቤተሰብ ይወሰድ፤ ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ሁሉ ለስሌቱ እንዲመቹ የተወሰዱ ግምቶች ናቸው። የመጀመሪያው አማራጭ ሁለተኛ በሬ መግዛት ነው። በሬ የጎደለው አርሶ አደር በአካባቢው ልማድ ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ በዚህ የመቀናጆ ስምምነት ሁለቱ ባለ አንድ በሬዎች በየተራ ያርሳሉ፣ ተራው ዘግይቶ የሚደርሰው ግን ዝናቡ በጊዜ ሲወጣ እህሉ ሳያፈራ ይቀርበታል። መዘግየቱ 3 ኩንታል ማሽላ ያሳጣል፣ የኩንታሉም ዋጋ 6,000 ብር ነው ቢባል፣ በሬው በዓመት 18,000 ብር ያድናል፤ የመኖና የሕክምና 5,000 ብር ሲቀነስ 13,000 ብር ይተርፋል። የበሬው ሙሉ ዋጋ በዚህ ሒሳብ ውስጥ እንደ ወጪ አይገባም፤ ተመልሶ ሊሸጥ ይችላልና።

ሁለተኛው አማራጭ በ5,000 ብር ሒሳብ 9 እናት ፍየሎች መግዛት ነው። በዓመቱ 7 ግልገሎች አድገው እያንዳንዳቸው 3,000 ብር ቢያወጡና ለሕክምና 3,000 ብር ቢወጣ 18,000 ብር ስለሚገኝ፣ ፍየሉ በሬውን በ5,000 ብር የበለጠ ይመስላል። ነገር ግን ፍየል እረኛ ይፈልጋል። ቤተሰቡ ቀድሞ መንጋና እረኛ ካለው የተጨመሩት ፍየሎች አብረው ስለሚሰማሩ የእረኛው ተጨማሪ ዋጋ ከዜሮ ብዙ አይርቅም፤ ከሌለው ግን በመስከረምና በጥቅምት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሊወርድ የነበረው ጎልማሳ ቤት ይቀራል። ከዚያ ጉዞ 6,000 ብር ይዞ ይመለስ ነበር ከተባለ፣ የፍየሉ ትርፍ ወደ 12,000 ብር ይወርድና በሬው ይቀድማል። ሥራው ለልጅ ከተሰጠ ደግሞ የሚታለፈው የትምህርት ዓመት ነው፤ የልጅ ጉልበት በየትኛውም ደብተር ባይጻፍም ከሁሉ የከበደው ወጪ ምናልባት ይህ ነው።

ሦስተኛ አማራጭ ሆኖ ገንዘቡን ሁሉ በዘመናዊ ቀፎ ላይ ማዋል ይጨመርና 8,000 ብር ያተርፋል ይባል። እዚህ ላይ የሚዘወተረው ስህተት፣ በሬ የመረጠ ቤተሰብ የፍየሉን 12,000 እና የቀፎውን 8,000 ደምሮ 20,000 ብር አጣሁ ብሎ መቁጠሩ ነው። በዚያው 45,000 ብር ሁለቱንም መግዛት ስለማይቻል የታለፈው 12,000 ብር ብቻ ነው፤ በሬው በእውነት የሚበልጠውም በ1,000 ብር ነው።

ልዩነቱ ይህን ያህል ከቀጠነ ውሳኔውን የሚወስነው በብር ያልተመዘነው ነገር ይሆናል። ዝናብ ሲቀር ገለባ ይጠፋል፣ በሬውም በርካሽ ይሸጣል፤ ፍየል ግን ቁጥቋጦ ቀንጥቦ የተሻለ ይቆያል። የፍየል ወተትም በስሌቱ አልገባም። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ያወጀውና በዚችው ከተማ ስም የተጠራው የሰቆጣ ቃል ኪዳን፣ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስወገድ ያለመ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ሕፃን ላለበት ቤት ወተቱ 1,000 ብሩን አሳምሮ ይሸፍናል። በአንጻሩ የመቀናጆ ጎረቤቱ የማያስተማምን፣ ወይም በሬውን ለመሸጥ ያሰበ ከሆነ፣ ያለ ጥማድ የቀረው ቤተሰብ መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ የምርቱን ግማሽ ሊያጣ ስለሚችል፣ ሁለተኛው በሬ መቅደም አለበት።

ከሁሉም በጥቂት በጥቂቱ የመያዝ ፈተና አለ። ፍየል በቁጥር ይከፈላል፣ ግማሽ በሬ ግን አያርስም፤ ስለዚህ ከ45,000 ብሩ 20,000ውን ለ4 ፍየሎች አውጥቶ የቀረውን ለበሬ ማጠራቀም፣ በሬውን ለዘንድሮ መተው ማለት ነው፣ ቤተሰቡ እንዲህ ብሎ ባይጠራውም። መተዉ በግልጽ ከታወቀ ስለ መቀናጆው ተራ ከጎረቤት ጋር ከሰኔ በፊት ይነጋገራሉ፤ መጀመሪያ የሚታረሰውም እርሻው ሲዘገይ የበለጠ የሚጎዳው ማሳ እንዲሆን ይስማማሉ። ግልገሎቹ ለፋሲካ ገበያ ከደረሱ ደግሞ የከርሞው በሬ ጥያቄ የሚነሣው ያን ጊዜ ነው፤ የእርሻ ወራት ሲቃረብ የበሬ ዋጋ ብዙ ጊዜ ስለሚወጣ፣ ከዚያ በላይ መቆየት ራሱን የቻለ ወጪ ይሆናል።