ለዓመታት የዘገየ ዲግሪ፦ ተመራቂው ለዩኒቨርሲቲው የሚጽፈው አቤቱታ ምን መያዝ አለበት?

ትምህርቱን አጠናቆ የተመረቀ ሰው ጊዜያዊ ማስረጃ ብቻ በእጁ ይዞ ሦስትና አራት ዓመት መቆየቱ በሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ጊዜያዊው ማስረጃ ለአንዳንድ የሥራ ቅጥር ያገለግላል። ለደረጃ ዕድገት፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ወይም ለውጭ ሀገር ጉዞ ሲሆን ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው «ኦሪጅናል» የሚባለው ዋናው ዲግሪ ነው።

በአምበር ከተማና በአነደድ ወረዳ ቀበሌዎች የሚኖር ተመራቂ የተማረው ደብረ ማርቆስ ከሆነ መንገዱ ቅርብ ነው። የተማረው ጅማ፣ አርባ ምንጭ ወይም ሐረማያ ከሆነ ግን «በሚቀጥለው ሳምንት ተመለስ» የሚለው ቃል ሁሉ የመሳፈሪያ፣ የማደሪያና የሥራ ቀን ኪሳራ አለው። በቃል የተጠየቀ ጥያቄ በቃል ይመለሳል፤ መዝገብ ላይም አይገኝም። ስለዚህ ጉዳዩ በጽሑፍ መቅረብ አለበት። ደብዳቤው ፍሬ የሚያፈራው ደግሞ ማስረጃው የት ቦታ ላይ እንደቆመ ለይቶ ሲያሳይ ነው።

ማስረጃው የት ላይ ይቆማል?

አንድ ዲግሪ ከመታተሙ በፊት በርካታ እጆችን ያልፋል። ትምህርት ክፍሉ ውጤቱን አጠናቆ ያስተላልፋል፤ የዩኒቨርሲቲው ሴኔት የተመራቂዎችን ዝርዝር ያጸድቃል፤ ተመራቂው ከቤተ መጻሕፍት፣ ከመኝታ ክፍልና ከሌሎች አገልግሎቶች ዕዳ እንደሌለበት በ«ክሊራንስ» ያረጋግጣል፤ የወጪ መጋራት ክፍያው ይጣራል፤ በመጨረሻም ሬጅስትራሩ ማስረጃውን አዘጋጅቶ ያስፈርማል።

ተመራቂው በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ዲግሪዬ ደርሷል ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ፋይሌ የትኛው ደረጃ ላይ ነው?» ብሎ ነው። የአንድ ትምህርት ውጤት ሳይገባ ቀርቶ ከሆነ መፍትሔው ያለው ትምህርት ክፍሉ ዘንድ ነው። የስም ልዩነት ከሆነ መፍትሔው የልደት ወይም የስም ማረጋገጫ ሰነድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቁ ተማሪዎች የመውጫ ፈተናን ቢያንስ በ50 በመቶ ውጤት ማለፍ ይጠበቅባቸዋል። ፈተናውን ያላለፈ ተማሪ ዲግሪውን በአቤቱታ ሊያገኝ አይችልም፤ ያለው መንገድ ፈተናውን ደግሞ መውሰድ ነው።

የወጪ መጋራት ጉዳይ

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዋናው ዲግሪ ለረጅም ዓመታት ከሚያዝባቸው ምክንያቶች ቀዳሚው የወጪ መጋራት ዕዳ ነው። አሠራሩ የተጀመረው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91/1995 ነው። በአሠራሩ መሠረት ተማሪው የምግብና የመኝታ ወጪውን ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርት ወጪው ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ለመክፈል ውል ይገባል። ዕዳው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቀነሰ ይከፈላል። የሚቀንሰው አሠሪው ሲሆን ገንዘቡን ገቢ የሚያደርገው ለገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ነው። በመምህርነት እንደሠለጠኑት ዓይነት ዕዳቸውን በአገልግሎት እንዲከፍሉ የተፈቀደላቸው ተመራቂዎች ደግሞ የአገልግሎት ዘመናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ያቀርባሉ።

ችግሩ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡን የሚቀንሰው አንድ መሥሪያ ቤት፣ የሚቀበለው ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ዲግሪውን የያዘው ደግሞ ሦስተኛ ተቋም ነው። ሠራተኛው በደመወዝ መክፈያው ላይ ተቀናሹን ስለሚያይ ዕዳው ያለቀ ይመስለዋል። ዩኒቨርሲቲው ግን የሚያየው ከገቢ ሰብሳቢው የሚመጣለትን የክፍያ ማጠናቀቂያ ደብዳቤ ብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ

ለማስረዳት ያህል በ2012 ዓ.ም. በሂሳብ አያያዝ የተመረቀች አንዲት ወጣት እናስብ። በውሏ ላይ የተመዘገበው ዕዳ 24,000 ብር ነው። ከመስከረም 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በወር 6,000 ብር ደመወዝ ተቀጠረች፤ በየወሩም 600 ብር ተቀነሰባት። ደመወዙ ባይለወጥ ዕዳው በ40 ወራት፣ ማለትም በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ያልቃል።

በዚያው ዓመት ማጠናቀቂያ ስትጠይቅ ገቢ ሰብሳቢው «የተመዘገበልሽ 9,600 ብር ብቻ ነው» አላት። የጎደለው 14,400 ብር የመጀመሪያዎቹ 24 ወራት ተቀናሽ ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ትሠራበት የነበረው መሥሪያ ቤት ገንዘቡን ሲያስገባ የአባቷን ስም «ኃይለሚካኤል» ብሎ በአንድ ቃል ጽፎታል፤ በወጪ መጋራት ውሏ ላይ ያለው ግን «ኃይለ ሚካኤል» የሚል ነው። ክፍያው ገብቷል፤ ነገር ግን ከእርሷ ፋይል ጋር አልተገናኘም።

በዚህ ደረጃ ላይ ለዩኒቨርሲቲው ብትጽፍ ሬጅስትራሩ «ዕዳሽን አጠናቂ» ብሎ ከመመለስ በቀር ሊያደርግላት የሚችለው ነገር የለም። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ከቀድሞው መሥሪያ ቤት የ24 ወራት ተቀናሽ ዝርዝርና ገንዘቡ ገቢ የተደረገበትን ደረሰኝ ማውጣት፣ በገቢ ሰብሳቢው ዘንድ ስሙን በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማስተካከል፣ ከዚያም የማጠናቀቂያ ደብዳቤውን ማግኘት ነው። እንዲህ አድርጋ ደብዳቤውን በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ለሬጅስትራሩ አስገባች እንበል። ከዚያ በኋላ ዲግሪው ሳይሰጣት ወራት ካለፉ መዘግየቱ የዩኒቨርሲቲው ነው፤ አቤቱታዋም መሠረት አለው።

ደብዳቤው እንዴት ይጻፋል?

የዚህች ተመራቂ ደብዳቤ የሚከተለውን ይመስላል፦

ቀን፦ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ……… ዩኒቨርሲቲ የሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ ዋናው የዲግሪ ማስረጃ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በመለያ ቁጥር ……… በመደበኛ መርሐ ግብር በሂሳብ አያያዝ ትምህርት ክፍል ትምህርቴን ተከታትዬ በ2012 ዓ.ም. በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቄአለሁ። የወጪ መጋራት ዕዳዬን ብር 24,000 ከፍዬ ያጠናቀቅሁ መሆኔን የሚገልጽ ደብዳቤ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. በመዝገብ ቤት ገቢ ቁጥር ……… አስገብቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በግንቦት፣ በሐምሌና በመስከረም ወራት በአካል ቀርቤ የጠየቅሁ ቢሆንም ማስረጃው አልተሰጠኝም፤ ያልተሰጠበትም ምክንያት በጽሑፍ አልተገለጸልኝም።

በመሆኑም ዋናው ዲግሪ እንዲሰጠኝ፣ የቀረ ጉዳይ ካለም ምን እንደሆነና የትኛው የሥራ ክፍል እንደያዘው በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር

አባሪ፦ የጊዜያዊ ማስረጃ፣ የክሊራንስና የክፍያ ማጠናቀቂያ ደብዳቤ ቅጂ

ግልባጭ፦ ለአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት

ደብዳቤው አጭር ነው፤ ቁጣም ልመናም የለበትም። የደረሰውን ችግር፣ የወላጅን ድካምና የጠፋውን የሥራ ዕድል መዘርዘር ያስፈልጋል የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ ደብዳቤውን የሚቀበለው ባለሙያ ፋይሉን ፈልጎ የሚያገኘው በመለያ ቁጥሩ፣ በምረቃ ዓመቱና በገቢ ቁጥሩ ነው። በመዘግየቱ የሚያልፍ የታወቀ ቀን ካለ፣ ለምሳሌ የቅጥር ወይም የትምህርት ምዝገባ ማብቂያ ከሆነ፣ እርሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ገልጾ ማስታወቂያውን ማያያዝ ይበቃል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም «የቀረ ጉዳይ ካለ በጽሑፍ ይገለጽልኝ» የሚለው፣ ከመጀመሪያው ያላነሰ ዋጋ አለው። ዲግሪው ወዲያው ባይሰጥ እንኳ የጽሑፍ ምክንያት ከተገኘ ጉዳዩ ከየት እንደሚቀጥል ይታወቃል። የ15 ቀኑ ገደብ ጠያቂው ራሱ ያቀረበው ጥያቄ እንጂ በሕግ የተቀመጠ አይደለም፤ ነገር ግን ቀጣዩን ደብዳቤ መቼ መጻፍ እንደሚቻል ያሳያል።

ደብዳቤውን ለሚያውቁት ሠራተኛ በእጅ ሰጥቶ መሄድ አይገባም። በሁለት ቅጂ አዘጋጅቶ መዝገብ ቤት ገቢ ማስደረግ፣ በራስ ቅጂ ላይም ማኅተም፣ ቀንና ገቢ ቁጥር ማስመታት ያስፈልጋል። በአካል መሄድ ያልቻለ በአደራ ፖስታ ልኮ ደረሰኙን ማስቀመጥ ይችላል። ዋና ሰነዶችን ማያያዝ ግን ከባድ ስሕተት ነው፤ ከጠፉ ተመራቂው በእጁ የነበረውንም ጊዜያዊ ማስረጃ ያጣል። የሚያያዘው ቅጂ ብቻ ነው።

መልስ ካልመጣስ?

የተጠየቀው ጊዜ ካለፈ ሁለተኛው ደብዳቤ የመጀመሪያውን ገቢ ቁጥርና ቀን ጠቅሶ ለምክትል ፕሬዚዳንቱ ወይም ለዩኒቨርሲቲው ቅሬታ ሰሚ አካል ይቀርባል። እዚያም መፍትሔ ካልተገኘ ተመራቂው ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው ይህ ተቋም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን አስተዳደራዊ በደል ይመረምራል። አቤቱታ ያለ ክፍያ ይቀበላል፤ በጽሑፍም በቃልም ማመልከት ይቻላል። ተቋሙ መርምሮ የመፍትሔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ እንደ ፍርድ ቤት አይፈርድም፤ በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይንም አይመለከትም።

የመጨረሻው መንገድ ፍርድ ቤት ነው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል አስተዳደር ተቋማት ውሳኔያቸውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጡ ያዛል፤ በውሳኔው ቅር የተሰኘ ሰውም በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲከለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ማመልከቻው የጊዜ ገደብ ስላለው የጽሑፍ ውሳኔ የደረሰው ሰው ሳይዘገይ የሕግ ባለሙያ ማማከር ይኖርበታል። በዚህ ደረጃ ላይ የሚያስፈልገው ማስረጃ ማኅተም ያረፈበት የደብዳቤ ቅጂ ነው፤ በቃል የተደረገ ምልልስን ማስረዳት ግን አስቸጋሪ ነው።

በግል ኮሌጅ የተማሩ ተመራቂዎች ጉዳይ በአንድ ነገር ይለያል። ማስረጃው የዘገየው ኮሌጁ የዚያን ትምህርት መስክ ፈቃድ ሳይዝ ወይም ሳያሳድስ በማስተማሩ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተመራቂው ለኮሌጁ ከመጻፉ ጎን ለጎን መርሐ ግብሩ በተማረባቸው ዓመታት በዚያው ካምፓስ ዕውቅና እንደነበረው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን መጠየቅ አለበት። ዕውቅና የሌለው መርሐ ግብር ከሆነ ኮሌጁ ወረቀቱን ዛሬ ቢሰጥ እንኳ በሥራ ቅጥር ጊዜ ማረጋገጫ አያገኝም፤ አቤቱታውም በቀጥታ ለባለሥልጣኑ መቅረብ ይኖርበታል።